ጎመን ክልክል ነው?

የትናንት ማታው የሬዲዮ እንግዳ፦ «ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጎመን ክልክል ነው።»

የጉለሌው፦ ለዚህ ሰውዬ ማን ነው ማይክ የሰጠው? ሰኞ ጾም ይገባል። እህቴ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ዋርፋሪን ላይ ናት። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ጎመኑንም ከከለከልናት ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ ትላስ?

መድኃኒት ቤት ነኝ፦ «ክልክል» ብሎ ነው ነገሩን ያበላሸው። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የቫይታሚን ኬን ሥራ ጉበት ላይ እያደናቀፈ ነው። ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው። ጎመን ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፤ ሲቀር መድኃኒቱ ያይላል። ሐኪሙ የክኒኑን መጠን ያወጣው በምትበላው ምግብ ላይ ተመሥርቶ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ትበላ ከነበረ ሁለት ቀን ትብላ።

ትዝብት፦ ዞሮ ዞሮ ክልክል አልክ እኮ። አሳምረህ አልከው እንጂ።

መድኃኒት ቤት ነኝ፦ የት ጋ ነው ያልኩት? አውጣና አሳየኝ።

ትዝብት፦ «ሁለት ቀን ብቻ» ስትል ሦስተኛው ቀን ክልክል ሆነ ማለት ነዋ።

እናት ሀገር፦ ትዝብት፣ ቀልዱን ተወውና ይህን ስማ። እናቴም የብረት ቫልቭ አላት። ጎመን ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። በቀን አንድ ተኩል ባለ 5 ሚሊግራም ክኒን እየወሰደች ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር፣ አይኤንአሯ፣ 2.9 ነበር። እሷ ቫልቭ ላይ የሚፈለገው ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ጎረቤት መጥታ «ክልክል ነው» አለቻት። በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጋ ተወችው፤ ክኒኑን ግን እንደ ድሮው ቀጠለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥርሷን ስትፋቅ ድዷ ይደማ ጀመር። ክንዷ ላይም ሳትመታ ሰማያዊ በለዘ። ስትለካ 5.8! አንድም መድኃኒት አልተቀየረም፣ የቀረው ጎመኑ ብቻ ነው። «ክልክል» የሚለው ቃል ሊገድላት ነበር።

መድኃኒት ቤት ነኝ፦ የጉለሌው እህት ላይ የሚያሰጋው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በፍስክ ጎመን እምብዛም ሳትበላ ቆይታ ጾም ሲገባ በየቀኑ ከጀመረች አይኤንአሯ ይወርዳል። መድማት ብዙ ጊዜ ይታያል። ቫልቭ ላይ የሚረጋ ደም ግን ስትሮክ እስኪሆን ድረስ ላይታይ ይችላል። የቫልቯ ድምፅ ከወትሮው ከደበዘዘ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ዛሬ ነገ ሳትል ሆስፒታል ትሂድ። ጾም በገባ በሳምንቱም ትለካ። ክኒኑን በራሷ እንዳትጨምር።

ምስጋናው፦ እኔም ደም ማነስ አለብኝ። ጎመን ልተው ማለት ነው?

መድኃኒት ቤት ነኝ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ሌላ ነው። ጎመንህን ብላ። የብረት ክኒን የምትወስድ ከሆነ ግን ወዲያው ሻይ ቡና አታስከትልበት፣ ብረቱ ወደ ሰውነትህ እንዳይገባ ያደርጋል።

ትዝብት፦ ይኸው፣ አሁን ደግሞ ቡና ክልክል ሆነ!

ቅጠል በጣሽ፦ አያቶቻችን ፌጦ በነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ በማር እየበሉ ዘጠና ዓመት ኖሩ። ተፈጥሮ ማንንም አይጎዳም። ፈረንጅ ክኒኑን እንዲሸጥ ምግባችንን አታስጠሉን።

እናት ሀገር፦ አያትህ ዋርፋሪን ይወስዱ ነበር?

ቅጠል በጣሽ፦ አያስፈልጋቸውም ነበር!

እናት ሀገር፦ እናቴ ያስፈልጋታላ። ቫልቩን በፌጦ ላስወጣላት?

መድኃኒት ቤት ነኝ፦ ወጥ ውስጥ የገባው ነጭ ሽንኩርት አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ጉንፋን ሲይዝ ጥሬውን ከዝንጅብል ጋር ፈጭቶ ጠዋት ማታ በማንኪያ መዋጡ ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚያዳክመው ተጣብቀው ደም የሚያቆሙትን የደም ሕዋሳት፣ ፕሌትሌትን ነው። አይኤንአር ደግሞ ፕሌትሌትን አይለካም። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ሊደማ ይችላል። ያ ሰው ለወገብ ሕመሙ ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ ጨምሮበት ከሆነ ደግሞ ሰገራው እንደ ሬንጅ እስኪጠቁር ጨጓራው መድማቱን ላያውቅ ይችላል።

ቅጠል በጣሽ፦ ስንት ማንኪያ ነው የሚጎዳው? ቁጥር ስጠኝ።

መድኃኒት ቤት ነኝ፦ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ለዚህ ነው ለሐኪሙ ይነገር የምለው።

ቅጠል በጣሽ፦ ቁጥር ከሌለህ ምን ታስፈራራለህ?

ሰናይት ከዲሲ፦ ለሐኪም ይነገር ማለት ቀላል ነው። እዚህ አክስቴን «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ይሏታል፣ «የለም» ትላለች። ቦርሳዋ ግን ከአዲስ አበባ በተላከ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተሞልቷል። ለእሷ እሱ ምግብ ነው።

ቅጠል በጣሽ፦ ምግብ ነዋ!

የጉለሌው፦ ጎበዝ፣ ጥያቄው የእኔ ነበር። እህቴ ሰኞ ጎመን ትብላ አትብላ?

መድኃኒት ቤት ነኝ፦ ትብላ። ስንት ቀን እንደምትበላ አስቀድማ ለክትትል ክሊኒኳ ትንገር፣ ከዚያ አታዛንፍ።

የጉለሌው፦ ቀጠሮዋ ከጾሙ በኋላ ነው።

እናት ሀገር፦ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ነገ ሂዱና እዚያው በር ላይ ቁሙ።

ትዝብት፦ ነገ እሁድ ነው እኮ፣ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ይኸኛው እንኳ በእውነት ክልክል ነው።