ለደከመ ዓይን የሚነበብ ማስታወቂያ፦ ፊደል፣ ቀለምና ላሚኔሽን ጠቁሙኝ

ማስታወቂያ_ለጣፊዋ፦ የሕንጻችንን የነዋሪዎች ማስታወቂያ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ዓይናቸው የደከመ ብዙ ሰዎች አሉን። አሁን Nyala በ14 እጽፋለሁ፣ ሰዓቱን በቀይ አደርጋለሁ፣ ላሚኔት አስደርጌ መግቢያው ላይ እሰቅላለሁ። ሰዎች ግን ደውለው «ስብሰባው በስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል። የትኛው ፊደል፣ ቀለምና ላሚኔሽን ይሻለኛል?

ድሮም_Nyala፦ ከNyala እንዳትወጪ። ውበቱን የሚያህል የለም። ሁሉንም ቦልድ አድርጊው፣ አለቀ።

ባለ_ማስመሪያ፦ የዓይን ክሊኒክ ነው የምሠራው። ቦልድ ማወፈሩ ልክ ነው፣ ሲበዛ ግን ይጎዳል። የ«ኔ» ቀለበት ይደፈንና «ኒ» ይመስላል። 3 እና 8ም ይቀላቀላሉ፣ ሰዓት ላይ ደግሞ ይሄ ከባድ ነው። Nyala ቀጭን መስመሮች አሉት፣ ደካማ ዓይን መጀመሪያ የሚያጣው እነሱን ነው። Ebrima ወይም Noto Sans Ethiopic መስመራቸው ይበልጥ እኩል ነው።

ተቃጥያለሁ፦ ስለ ላሚኔሽን ላውራ። አንድ ማተሚያ ቤት አሠርቼ በሁለተኛው ቀን አረፋ አወጣ። «ፀሐይ ላይ ሰቅለኸው ነው» አሉኝ። ግድግዳው ጥላ ውስጥ ነው! ገንዘቤንም አልመለሱም።

ሰላም_ለሁሉ፦ እኔንም እንደዚሁ! ጠርዙ ተላቆ ውኃ ገባበት።

ተቃጥያለሁ፦ አየህ? ሁሉም ያው ናቸው።

ስልክ_አዋቂ፦ እህቴ፣ ቀላል ነው። ስልክሽ ላይ ማስተካከያ ውስጥ ገብተሽ የፊደሉን መጠን ከፍ አድርጊው።

ድሮም_Nyala፦ ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት በጣት ይሰፋል እንዴ? ጥያቄውን አንብብ እንጂ።

ባለ_ማስመሪያ፦ ወደ መጠኑ ልመለስ። የፕሮግራሙን ቁጥር አትመኚ። ሁለት የፊደል ዓይነቶች በ14 ተጽፈው በማስመሪያ ሲለኩ እኩል ላይመጡ ይችላሉ። የታተመውን ለኪ።

የዓይናቸው አቅም 6/60 የሆነ ሰው እናስብ። ጤነኛ ዓይን በ60 ሜትር የሚለየውን ፊደል እሳቸው በ6 ሜትር ነው የሚለዩት። በ1 ሜትር ርቀት ፊደሉ ወደ 15 ሚሊሜትር ቁመት ካልደረሰ አይለዩትም። ይሄ ግን ገና መለየት ነው። ሳይደክሙ ለማንበብ ቢያንስ እጥፉ ያስፈልጋል። በ30 ሚሊሜትር ደግሞ A4 ላይ ከጥቂት ቃላት በላይ አይገባም።

ፊታቸውን እስከ 25 ሳንቲሜትር ካስጠጉ ግን ሂሳቡ በአራት ይካፈላል፦ 4 ሚሊሜትር ለመለየት፣ 8 ሚሊሜትር ለማንበብ። ስለዚህ ጉዳዩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ በጣም አተልቂ፣ ሌላውን 8 ሚሊሜትር አድርጊው። ወረቀቱ በዓይን ቁመት ይሁን። ከሥሩ ሰው እንዳይጠጋ የሚከለክል አግዳሚ ወይም የአበባ ማሰሮ አይኑር።

ጎን_ለጎን_የማይ፦ የመሃል እይታዬ የጠፋ ሰው ነኝ። ነጭ ወረቀት ዓይኔን ይወጋኛል። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ይሻለኛል። የሚያብለጨልጭ ላሚኔሽን ሲሆን ደግሞ ስጠጋ የማየው የመብራቱን ነጸብራቅ ነው። ያን ጊዜ ፊደሉ ቢተልቅም አይጠቅመኝም።

ባለ_ማስመሪያ፦ ነጸብራቁ ላይ እስማማለሁ። የማያብለጨልጭ ላሚኔሽን ጠይቂ፣ ከሌለ ላሚኔት ያልተደረገ ወረቀት ይሻላል። ጥቁር መደብ ላይ ግን ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ሲሰርግ ነጩን መስመር ይበላዋል። ለብዙ ሰው ጥቁር በነጭ አይከፋም።

ጎን_ለጎን_የማይ፦ ለብዙ ሰው ይሆናል፣ ለእኔ አይሆንም። ነጩ መስመር ይወፍር፣ ወይ ወረቀቱ ክሬም ይሁን።

ሰላም_ለሁሉ፦ ቀዩስ? ቀይ እኮ ዓይን ይስባል።

ባለ_ማስመሪያ፦ ጤነኛ ዓይን ይስባል። የጥቁርና የነጭ ንጽጽር 21 ለ 1 ነው። የስክሪን ደማቅ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ 1 ገደማ ነው፤ ለድረ ገጽ ተራ ጽሑፍ ከሚጠየቀው ዝቅተኛ 4.5 እንኳ ያንሳል። ወረቀት ላይ ቁጥሩ ይለያያል፣ ግን ራስሽ መፈተሽ ትችያለሽ። ማስታወቂያውን በስልክ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሺው። ቀዩ ግራጫ ሆኖ ከጥቁሩ ከፈዘዘ፣ ሰዓቱን የደበቅሽው በጣም መታየት ባለበት ቦታ ነው። ጥቁር አድርጊውና በወፍራም ሳጥን ክበቢው።

ማስታወቂያ_ለጣፊዋ፦ ፎቶውን አነሳሁ። እውነትም ሰዓቱ ፈዟል። ፊደሉ ደግሞ በማስመሪያ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ክሬም ወረቀት ላይ የማያብለጨልጭ ላሚኔሽን ይሠራል?

ተቃጥያለሁ፦ ላሚኔሽን አትበይኝ። ደረሰኙን ግን ያዢ።

ድሮም_Nyala፦ Nyala በ40 ቢሆንስ?

ባለ_ማስመሪያ፦ አትመህ ቀጭኑን መስመር በ25 ሳንቲሜትር እየው፣ ከዚያ እናወራለን።