አውቶማቲክ ሰዓቴ ሰኞ ጠዋት ሁሌ ቆሞ ነው የማገኘው

ናሆም፦
ሴኮ ፋይቭ አለኝ፤ ከጀርባው 7ኤስ26 ይላል። 41 ሰዓት ይቆያል ብለውኝ ነበር። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ አውልቄ አስቀምጠዋለሁ፣ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳነሳው ቆሟል። ባለፈው ሳምንት ሲቆም ቀኑ ቅዳሜ ላይ ነበር፣ ጠቋሚዎቹ 1 ከ20። ተበላሽቷል? ሰዓት ሠሪ ጋ ልውሰደው?

ሰላም ቢ፦
የኔም እንደዚሁ አድርጎኝ ባትሪ ሲቀየርለት ተስተካከለ። ብዙ ብር አያስወጣም፣ አትጨነቅ።

ቢኒያም፦
ሰላምዬ፣ አውቶማቲክ ባትሪ የለውም 😀 ናሆም፣ ዓርብ ማታ ከማስቀመጥህ በፊት በጎኑ ያለችውን መሙያ ሠላሳ ጊዜ ያህል ጠምዝዛት። እንዳታበዛው ግን፣ ስፕሪንጉ ይበጠሳል።

ጋሽ መኮንን (ሰዓት ሠሪ)፦
ቢኒያም ልጄ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። 4አር36 በሚባለው ሌላው የሴኮ ሞተር ላይ ብትለው እሺ። 7ኤስ26 ግን በእጅ አይሞላም። መሙያዋን ገፍተህ ዘግተህ ብትጠመዝዛት ዝም ብላ ነው የምትዞረው። የሚሞላው እጅህ ሲወዛወዝ በሚዞረው ግማሽ ክብ ብረት ብቻ ነው።

ይበጠሳል ያልከውም የድሮዎቹን የእጅ ሙሌት ሰዓቶች ፈርተህ ነው። አውቶማቲኮቹ ላይ የስፕሪንጉ የውጭ ጫፍ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አልተቆለፈም፣ ተጭኖ ነው የሚይዘው። ሲሞላ ይንሸራተታል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ሲሞላ ትርፉ በቱቦ እንደሚፈሰው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ብትሮጥም ከልክ በላይ አይሞላም።

ናሆም፣ አሁን ወዳንተ። 41 ሰዓት የሚባለው ሮቶው ጢም ብሎ ከሞላበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ስታወልቀው ጢም ብሎ ነበር እንበል። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት 41 ሰዓት ቁጠር፣ እሑድ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ያልቃል። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ደግሞ 62ኛው ሰዓት ነው። ስለዚህ ጤነኛውም ሰዓት ሰኞ አይደርስልህም። እስከዚህ ድረስ ምንም ብልሽት የለም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ያ 1 ከ20 የጠዋቱ ነው የማታው? ጠቋሚዎቹ አይነግሩህም። በሚቀጥለው ሲቆም መሙያዋን እስከ ጥግ ጎትተህ ጠቋሚዎቹን ወደፊት አዙር። 12ን ሲያልፉ ቀኑ ከተቀየረ የቆመው ማታ ነው። ካልተቀየረ ጠዋት ነው።

(ይህ ሁሉ ሰዓትህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተሞላ ነው። ጠቋሚው 7 ላይ ሆኖ አንተ 1 ብለህ የምታነበው ከሆነ ማለቴ ነው።)

ናሆም፦
አዎ በፈረንጅ ነው። በዚህ ሳምንትም ያው ሆነ፣ እንዳሉኝ አዞርኩት፣ ቀኑ ተቀየረ። የቅዳሜ ማታ ነው። ታዲያ 25 ሰዓት ብቻ ሆነ ማለት አይደል? የቀረው 16 የት ገባ?

ሳራ ከዱባይ፦
እኔ አምስት ሰዓት አለኝ፣ ሁሉንም የሚያዞርልኝ ሳጥን ውስጥ አደርጋቸዋለሁ፣ ቆመው አያውቁም። አንዱን ግዛና ተገላገል።

ጋሽ መኮንን (ሰዓት ሠሪ)፦
ሳራ፣ ለአምስት ሰዓት ይሁን። ለአንዲት ሴኮ ግን ከዋጋው ሳይበልጥ አይቀርም 🙂

ናሆም፣ ወይ ሮቶው አልሞላም፣ ወይ ሮቶው ያፈሳል። ለመለየት አንድ ሙከራ አድርግ። እረፍት ቀን ላይ ስትንቀሳቀስ ዋልበት። ማታ ከመተኛትህ በፊት ለጥቂት ደቂቃ በእጅህ ወዲያና ወዲህ አወዛውዘው። አትነቅንቀው፣ በቀስታ ግማሽ ክብ እየሠራህ። ከዚያ መስታወቱን ወደ ላይ አድርገህ አስተኛው፣ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፍ፣ እስኪቆም አትንካው።

35 እና ከዚያ በላይ ከሄደ ሰዓቱ ጤነኛ ነው። ሞልቶም 25 ላይ ከቆመ ግን መከፈት አለበት። ዘይቱ ደርቆ ወይም ያ የሚንሸራተተው ጫፍ ቶሎ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከለቀቀ ስትሮጥ ብትውልም ሮቶው ግማሽ ላይ ይፈሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉልበት ያነሰው ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚቆመው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፣ ቀንና ዕለት የሚያዞረው ጥርስ ስለሚከብደው። የአንተ ከዚያ በፊት ስለቆመ እኔ ወደ «አልሞላም» አዘነብላለሁ።

ናሆም፦
ሙከራውን ጨረስኩ። ቅዳሜ ዘመድ ቤት ሲቀይር ዕቃ ሳሸክም ዋልኩ። ማታ 3 ሰዓት ላይ አስተኛሁት። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሳየው ረፋድ 5 ተኩል ላይ ቆሟል።

ጋሽ መኮንን (ሰዓት ሠሪ)፦
38 ሰዓት ተኩል። ሰዓትህ ምንም አልሆነም። ሰዓት ሠሪ ጋ አትውሰደው፣ እኔም ጋ ቢሆን። አሁን ሥራ ላይ ምን እንደምታደርግ ንገረኝ።

ናሆም፦
ሒሳብ ክፍል ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ። እ... የብረት ማሰሪያው ላፕቶፑን ስለሚጭርብኝ ስገባ አወልቀዋለሁ። ምሳ ስወጣ አደርገዋለሁ። ከምሳ በኋላም እንደዚሁ።

ጋሽ መኮንን (ሰዓት ሠሪ)፦
አገኘነው! ሰዓቱ 24 ሰዓት ሙሉ ይበላል፣ አንተ የምትመግበው ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። በሳምንቱ መሀል ለአንድ ሌሊት ብቻ ስለሚያድር አይታወቅህም። ዓርብ ማታ ግን በግማሽ ሮቶ ነው የምታስቀምጠው። የቆዳ ወይም የጨርቅ ማሰሪያ አድርግበትና እጅህ ላይ ይዋል። የሚጽፍ እጅ ብዙም ባይወዛወዝ ምንም ከሌለው ይሻላል። ቅዳሜንም አድርገው።

ቢኒያም፦
ወይም ፓወርማቲክ 80 ያለበትን ቲሶት መግዛት። 80 ሰዓት ይሄዳል፣ ከዓርብ ማታ እስከ ማክሰኞ ሌሊት።

ጋሽ መኮንን (ሰዓት ሠሪ)፦
ያም 80ው ከሞላበት ነው የሚቆጠረው። ጠረጴዛ ላይ እያዋለ 80ም ቢገዛ ግማሹን ነው የሚያገኘው።

ሰኞ ስታስነሳው ደግሞ ተጠንቀቅ። ጠቋሚዎቹ ከማታው 9 እስከ ሌሊቱ 4 መሀል እያሉ (የተጻፈውን ቁጥር ነው የምልህ) ቀኑን በመሙያዋ በቀጥታ አትቀይር፣ ጥርሶቹ ተያይዘው ስለሆኑ ይሰበራሉ። መጀመሪያ ጠቋሚዎቹን ወደ 6 ውሰዳቸው።

አቤል፦
እኔ በኛ አቆጣጠር ነው የሞላሁት፣ ቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየርልኛል። ለኔስ?

ጋሽ መኮንን (ሰዓት ሠሪ)፦
ላንተ አደገኛው ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ነው። ከቤት ልትወጣ ስትቸኩል የምታስተካክልበት ሰዓት ላይ ወደቀ ማለት ነው። እንደኔ ቀኑን ከምሳ በኋላ አስተካክለው።

ሳራ ከዱባይ፦
ቆሞ ከከረመ ግን ዘይቱ ይረጋል ይባላል፣ እኔ ሳጥኑን የገዛሁት ለዚያ ነው።

ጋሽ መኮንን (ሰዓት ሠሪ)፦
በድሮ ዘይት አዎ፣ ይረጋ ነበር። ያሁኑን እንደዚያ አላየሁትም። የሥራ ባልደረባዬ ግን እስከዛሬ ይከራከረኛል፣ ሰዓት ባይለበስም በየጊዜው መነሳት አለበት ይላል።

ናሆም፦
ማሰሪያውን በጨርቅ ቀየርኩ። የዓርቡን እነግራችኋለሁ።