«ነፍስ ይማር» ልበል ወይስ ልተው?

የእድር ጸሐፊ፣ ሜሪላንድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከቀብር በኋላ አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ ስለ እድሩ ሆኜ ቤተሰቡን የማጽናናው እኔ ነኝ። ሟቿ ኦርቶዶክስ ነበሩ፣ ልጃቸው ጴንጤ ነው፣ አማቻቸው ሙስሊም። የጻፍኩት «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ለአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እናድርግ» የሚል ነው። ማንንም እንዳላስቀይም ምን ልቀይር?

ወሎዬዋ፦ «እግዚአብሔር»ን በ«ፈጣሪ» ተካው ወንድሜ። እኛ ደሴ ሼኹም ቄሱም በአንድ ድንኳን ለቅሶ ይቀመጣሉ። ሽማግሌው «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ሲል አንዱ አሜን፣ አንዱ አሚን ይላል።

ከዳላስ፦ «ጌታ» አይሻልም? የአማርኛው ቁርኣንም «የዓለማት ጌታ» ይላል።

ወሎዬዋ፦ «የዓለማት ጌታ» ካልክ እሺ። «ጌታ» ብቻውን ከሆነ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ኢየሱስን ነው የሚሰማው። «እግዚአብሔርም አላህም» ብሎ መደርደሩንም አልወደውም፤ ሁለቱን ስትጠራ ዋቄፈታው «የእኔስ ዋቃ?» ይልሃል።

ጡረተኛ መምህር፦ ስሙማ ቀላል ነው። የሚከብደው «ነፍስ ይማር» ነው። ጴንጤው ለሞተ ሰው ስለማይጸልይ አሜን አይልም። ሙስሊሙም ለሙስሊም ሟች ምሕረት ይለምናል እንጂ፣ ሃይማኖቱ ሌላ ለሆነ ሟች አብዛኞቹ ዑለማዎች አይፈቅዱለትም። ስለዚህ ልመናውን ከሟች ወደ ቋሚ አዙረው፦ «ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጣችሁ»። ይህንን ሁሉም ይቀበለዋል። «የህሊና ጸሎት» ዝም ማለት ብቻ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ቃሉ ውስጥ ግን «ጸሎት» አለ። «እንደየእምነታችን ለአንድ ደቂቃ በዝምታ እናስባቸው» ብትል ዱዓ የሚያደርገውም፣ የሚጸልየውም፣ ዝም ብሎ የሚቆመውም ቦታ ያገኛል።

ነርሷ፣ ስዊድን፦ «በዝምታ» ይሁን፣ «በጸጥታ» እንዳትል! ሆስፒታላችን ውስጥ የሁሉም እምነት ሰው የሚጸልይበት ክፍል አለ። «የጸጥታ ክፍል» ብዬ ብተረጉምላቸው አንዲት እናት ፖሊስ ያለበት መስሏቸው አልገባም አሉ። በነገራችን ላይ ለልጄ ትምህርት ቤት የጾም ፈቃድ ደብዳቤ የጻፈ አለ?

ከዳላስ፦ እህቴ፣ እሱን ለብቻው ጠይቂ።

ስም የለሽ፦ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የእናቴ ለቅሶ ላይ «ነፍስ ይማር» ባይባል እቀየማለሁ። ለእንግዳ ተብሎ የሟቿ እምነት ይደበቅ?

ጡረተኛ መምህር፦ አይደበቅም። ፍትሐቱን ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ፤ አዳራሹ የእድሩ ነው። ቢሆንም ያንቺም ነገር እውነት አለው።

የእድር ጸሐፊ፦ እስካሁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «እናታችን ከዚህ እድር ጋር ክፉውንም ደጉንም አይተዋል። እንደየእምነታችን ለአንድ ደቂቃ በዝምታ እናስባቸው። ፈጣሪ ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይስጥ።» «ነፍስ ይማር» የምትለዋን ልበል ወይስ ልተው ግን እኔ አልወስንም፤ ዛሬ ማታ ደውዬ ልጃቸውን እጠይቃለሁ።