የውጫሌን ውል ለ9ኛ ክፍል፦ ከየት ላምጣው?

ጠያቂዋ፦ ጥቆማ ፈልጌ ነበር። ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የዓድዋን መንስኤና ውጤት ከራሱ ከሰነዱ ላስተምር አስቤያለሁ። ያለኝ 40 ደቂቃ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን የተዘጋጀ ወረቀት ልግዛ? ወመዘክር ልሂድ? ወይስ ልጆቹን ፒያሳ፣ ዓድዋ ድል መታሰቢያ ልውሰዳቸው?

የደሴው መምህር፦ የተዘጋጀውን እኔ ገዝቼ ብሬን በልቶኛል። መልሱ ከሥር ተጽፏል፣ ልጁ ገልብጦ ያስረክባል። መታሰቢያው ልብ ያነሳሳል፤ ቆሞ አንድን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ለማንበብ ግን አይመችም። ወመዘክር ከሄድሽ የትምህርት ቤትሽን ደብዳቤ ያዢ። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ግን አንድ ገጽ ይበቃሻል። አንቀጽ 17ን በአማርኛ፣ ከጎኑ የጣልያንኛውን ትርጉም አስቀምጪ። ለአራት ልጅ አንድ ኮፒ። የአማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፣ የጣልያንኛው ደግሞ ንጉሡ ተስማምተዋል ይላል። መጀመሪያ የተለየውን ቃል ያስምሩበት። ቀጥሎ «በዚህ ቃል ማን ይጠቀማል?» በያቸው። ለመልሳቸው ከወረቀቱ መስመር ካላሳዩ አትቀበዪ።

አንድ አስተያየት፦ ምን ያደክማል? የጦርነቱ መንስኤ ያቺው ቃል ናት፣ አለቀ።

የደሴው መምህር፦ ግማሹ ልክ ነው። ግን ጣልያን ምጽዋን የያዘችው በፈረንጅ 1885፣ ውሉ የተፈረመው በፈረንጅ 1889 ነው። እኔ ይህችን አንድ መስመር ሰሌዳ ላይ እጽፍና «ከአራት ዓመት በፊት ምን ልትሠራ መጣች?» እላለሁ። ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዷ «ታዲያ ቃሉ ሰበብ ነዋ፣ ምክንያቱ ሌላ ነው» አለች። ከዚህ በኋላ እኔ ብዙ አላወራም።

ከዲሲ፦ ለልጄ በዙም አማርኛ የሚያስጠና ካለ ጠቁሙኝ። እሱም 9ኛ ክፍል ነው።

ጠያቂዋ፦ እህቴ፣ የኔ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ የሚያውቅ ካለ ግን ይጻፍላት።

ከአዳማ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ዓመተ ምሕረቱን አንድ ዓይነት አድርጊ። ባለፈው ክፍሌ ውስጥ አንድ ቡድን ውጫሌና የአዲስ አበባው ውል በአንድ ዓመት ተፈረሙ ብሎ ድርቅ አለ። ለካ አንዱ ወረቀት «1889» የሚለው በፈረንጅ፣ ሌላው በኛ ነው! የአዲስ አበባው ውል በፈረንጅ 1896፣ ጥቅምት ላይ ነው። ምጽዋ የተያዘበት 1885ም እንዲሁ ያምታታል፤ ምኒልክ ውጫሌን ያፈረሱት በኛ 1885 ነው። መንስኤው ከውጤቱ ኋላ ከመጣ፣ መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያውን ጠርጥሪ።

ጠያቂዋ፦ ገጹን ነገ አዘጋጃለሁ። ለውጤቱ የአዲስ አበባውን ውል ብጠቀም ይሻላል?

የደሴው መምህር፦ አዎ፣ ውጫሌን ሽሮ የአገሪቱን ሙሉ ነፃነት ተቀብሏል። ጣጣው ግን ኤርትራ ከድሉ በኋላም በጣልያን እጅ መቅረቷ ነው። ልጆቹ «ይሄስ የዓድዋ ውጤት ነው ወይስ የውጫሌ?» ይሉሻል። እኔ እስካሁን በአንድ ቃል መልሼ አላውቅም።

ከአዳማ፦ እኔ የውጫሌ ነው እላለሁ። እዚያ ነው የተፈረመላቸው።

የደሴው መምህር፦ ውጫሌ ተሽሮ?