አይ ዩ ኤል ወይስ ተርም ገዝቶ ልዩነቱን ለብቻ ማስቀመጥ?

ሾፌሩ (ቨርጂኒያ)፦ 38 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሰርግ ላይ የተዋወቅኩት ኤጀንት የ500 ሺህ ዶላር አይ ዩ ኤል፣ ማለትም ከአክሲዮን ገበያ ጋር የተያያዘ ቁጠባ ያለው የሕይወት ኢንሹራንስ፣ አስገባኝ፤ በወር 400 ዶላር። 30 ወር ከፈልኩ፣ 12 ሺህ ማለት ነው። ትናንት አካውንቱን ስከፍት ያለህ 7,900 ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ዛሬ ብታፈርሰው የሚሰጥህ 1,500 ይላል። ልቀጥል ወይስ ተርም፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት የሞት ሽፋን ብቻ የሚሰጠውን ርካሽ ኢንሹራንስ፣ ልግዛና የክፍያውን ልዩነት ራሴ ላስቀምጥ?

ጋሼ ዕቁብ፦ ተርም ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው። 20 ዓመት ከፍለህ ካልሞትክ ባዶ እጅህን ትወጣለህ። ቀጥል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ መኪናዎት ሳይጋጭ ዓመቱ ሲያልቅ ብሩን መልሱልኝ ይላሉ እንዴ? ወንድሜ፣ ቁጥሮችህን እንያቸው። ከ12 ሺህ ውስጥ 4,100 የሄደው ለኮሚሽን፣ ለአስተዳደርና ለሞት ሽፋኑ ነው። ከ7,900 ወደ 1,500 የወረደው ደግሞ የማፍረሻ ቅጣት ነው። ቅጣቱ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዶ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ውስጥ ያልቃል። ሌብነት አይደለም፣ ውሉ ላይ አለ። ግን ሰርግ ላይ ማን ያነበዋል?

ላይሰንስ ያለኝ፦ እኔ እሸጣለሁ፤ አልደብቅም። እህቴ አንዱን ወገን ብቻ ነው ያነሳሽው። በ2022 የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ኢንዴክስ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ19 በመቶ ያህል ሲወርድ ደንበኞቼ ዜሮ ነው የተመዘገበላቸው። የሾፌር ቤተሰብ ያን ያህል መውደቅ ይችላል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ልክ ነህ፣ እስከ 2024 እንውሰደው። ኩባንያው በዓመት የሚመዘግበው ትልቁ ትርፍ፣ ማለትም ጣሪያው፣ 10 በመቶ ነው እንበል። የአንተ 100 ዶላር 100፣ 110፣ ከዚያ 121 ይሆናል። ያው ኢንዴክስ ላይ በቀጥታ የገባው በ2022 ወርዶ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከ20 በመቶ በላይ ወጥቶ፣ ኩባንያዎቹ ለባለ አክሲዮን የሚከፍሉት ዲቪደንድ ሲጨመር ወደ 129 ይደርሳል። አንተ ጋ ዲቪደንድ አይቆጠርም። በከፋ ዓመት ጀምሬም ልዩነቱ ይህ ነው፤ ያውም 121ዱ ወጪ ሳይቀነስበት። ዜሮ ማለት ደግሞ አለመክሰር አይደለም፤ ወጪው በዜሮውም ዓመት ከአካውንቱ ይቆረጣል። ጣሪያውንም ኩባንያው ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ የሚገደደው ውሉ ላይ ባለው ዝቅተኛ ጣሪያ ብቻ ነው።

ነርሷ፦ እኔ ሆስፒታሌ የደሞዜን እጥፍ ኢንሹራንስ በነፃ ሰጥቶኛል። ለምን ትጨነቃላችሁ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሥራውን ስትለቂ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል፣ እህቴ። እሱ ደግሞ ቀጣሪ የለውም።

ላይሰንስ ያለኝ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልዩነቱን ያስቀመጠ ሰው ስንት ታውቃላችሁ? እውነት ለመናገር፣ ተርም ከገዙ ዘመዶቼ አብዛኞቹ ልዩነቱን ለቲኬትና ለሰርግ አውጥተውታል። ግዴታ ሲሆን ይቆጠባል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። የኔም ወንድም እንደዚያ ነው። ግን ዝውውሩን ባንኩ በራሱ እንዲያደርገው አድርጎ መተው ይቻላል። ጤነኛ የሆነ የ38 ዓመት ሰው የ20 ዓመት፣ የ500 ሺህ ተርም በወር 30 ዶላር አካባቢ ያገኛል። ክፍያው ለ20 ዓመት አይለወጥም። በአይ ዩ ኤል ግን የሞት ሽፋኑ ዋጋ ከዕድሜ ጋር ይወጣል፤ በ60ዎቹና በ70ዎቹ አካውንቱን የሚበላው እሱ ነው። የቀረው 370 ዶላር ሮዝ አይ አር ኤ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ አካውንት ውስጥ ይገባል፤ የ2025 ዓመታዊ የማስገቢያ ገደቡ 7,000 ስለነበረ አይሞላም። በ6 በመቶ ቢያድግ በ25 ዓመት ወደ 256 ሺህ ነው። 6 በመቶ ግን ግምት ነው፤ ማንም ዋስትና አይሰጥህም።

ጋሼ ዕቁብ፦ ከአይ ዩ ኤሉ ግን ያለ ታክስ መበደር ይቻላል ይባላል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ይቻላል፣ ጋሼ፤ ውሉ እስካልፈረሰ ድረስ። ብድሩና ወለዱ አካውንቱን ጨርሰው ውሉ ከወደቀ፣ ከከፈሉት በላይ ያገኙት ትርፍ በዚያው ዓመት ታክስ ይደረጋል፤ ብሩ በእጅዎ ባይኖርም።

ላይሰንስ ያለኝ፦ የቀጣሪውን የጡረታ ቁጠባ ፎር ኦ ዋን ኬዩንም ሮዙንም ሞልቶ ለተረፈው ሰው ግን አይ ዩ ኤል ይጠቅማል፤ በዚህ አልስማማም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለእሱ ዓይነት ሰው ልንነጋገር እንችላለን። ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፤ ተርሙ ጸድቆ ወረቀቱ እጅህ ሳይገባ የድሮውን እንዳታፈርስ። ቀድሞም ከኤጀንቱ አካውንቱ ከዛሬ ጀምሮ ወደፊት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ አዲስ ስሌት አስልክ፤ እኔ የማየው በዋስትና የተጻፈውን ዓምድ ነው። ጤናህስ?

ሾፌሩ፦ ያው ነው የምፈራው። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ስኳርህ ጠርዝ ላይ ነው ብሎኛል። አይ ዩ ኤሉን ስፈርም አልነበረብኝም። ለተርሙ አመልክቻለሁ፤ ማክሰኞ ደም ሊወስዱ ቤት ይመጣሉ። እስከዚያ 400ውን እከፍላለሁ።