B ነው ወይስ C? ጫፉ የተቆረጠ የምርጫ ጥያቄ

የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ጓደኛዬ ወረቀቱን በስልክ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ወረቀቱ ተመልሷል፣ ድጋሚ ማንሳት አይቻልም።

ከእረፍት የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል ይላል፤ g = 10 ነው። ከፍታው ግን ደብዝዟል። 20 ሜትርም 80 ሜትርም ይመስላል። 20 ከሆነ መልሱ 2 ሰከንድ፣ 80 ከሆነ 4 ሰከንድ ነው። ሁለቱም ምርጫው ውስጥ አሉ!

ምርጫዎቹ በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል፦

```
8    2
4    6
```

የመልስ ቁልፉ C ይላል። ፊደሎቹ ወደ ጎን ከሄዱ C የታችኛው ግራ፣ 4 ነው። ወደ ታች ከወረዱ ደግሞ C የላይኛው ቀኝ፣ 2 ይሆናል። ከ2 ፊት ያለው ፊደል ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆኗል። ከ4 ፊት ያለው በፎቶው ጠርዝ ተቆርጦ የቀኝ ጫፉ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ሁለት ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ነው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። የC ሁለት አፎች ሊሆኑ ይችላሉ። የB ሁለት ሆዶችም እንዲሁ።

ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጌ ንፅፅሩን ጨመርኩት። ነጥቦቹ ደመቁ እንጂ አልተለዩም። ሳጎላው ደግሞ ካሬ ካሬ ይሆናል።

የC አፎች ከB ሆዶች ይልቅ ወደ ፊደሉ ጫፍና ግርጌ የሚጠጉ ይመስለኛል። ታዲያ ነጥቦቹን አጠገባቸው ካለው 4 ቁመት ጋር ባነጻጽር፣ በዚህ ድብዘዛ ላይ B እና Cን ለመለየት ይታመናል?