ፍተሻውን ያለፈ ኢሜይል ለምን ምላሽ አጣ? ስለ ተደራጊ ግስ፣ ስለ ዓረፍተ ነገር ርዝመትና ስለ ስም ክምር

ሰላማዊት (ጠያቂ)፦ የቴክኒክ ኢሜይል ከመላኬ በፊት ከ25 ቃል የበለጠ ዓረፍተ ነገር እንዳይኖር እቆጥራለሁ፤ ተደራጊ ግስ ለማግኘትም በ«ተ» የሚጀምሩ ቃላትን እፈልጋለሁ። የሚከተለው ዓረፍተ ነገር 23 ቃል ብቻ ስለሆነ አለፈ፤ በ«ተ» የሚጀምር ሆኖ የተገኘውም «ተግባር» የሚለው ስም ብቻ ነው። ሆኖም ሁለት ቡድኖች ደርሷቸው እያንዳንዳቸው ሥራው የሌላው መስሏቸው ተዉት። ፍተሻዬ የሳተው ምኑን ነው?

«በትናንትናው ዕለት በተካሄደው የሰርቨር ማሻሻያ ሥራ ወቅት በተከሰተው የግንኙነት መቋረጥ ምክንያት የመጠባበቂያ ቅጂ የማዘጋጀት ተግባር ሳይከናወን የቀረ በመሆኑ አስፈላጊው የማስተካከያ እርምጃ እንዲወሰድ ይጠየቃል።»

ዮናታን፦ ገደቡን ወደ 15 ቃል ዝቅ ያድርጉትና ተደራጊ ግስን በሙሉ ያስወግዱ። እኔ ከዚያ ወዲህ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

መቅደስ፦ በእኔ በኩል ያስቸገረኝ የፊደል ግድፈት ነው። «ሥራ» እና «ስራ» ተቀላቅለው ሲጻፉ ፍለጋው ግማሹን ያልፈዋል፤ ምናልባት የእርስዎም ችግር እዚያ ላይ ይሆን?

ታደለ፦ ወይዘሮ መቅደስ ያነሱት ነገር ለፍለጋ ያስፈልጋል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ዋናው ችግር ግን «ተ» የተደራጊ ግስ አስተማማኝ ምልክት አለመሆኑ ነው። በኃላፊ ጊዜ «ተካሄደ» ስንል «ተ» ትታያለች፤ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን «በተካሄደው» ተብሎ ከፊቱ «በ» ስለገባ የቃል መጀመሪያ ብቻ የሚመለከት ፍለጋ ያልፈዋል። ከዚህ የባሰው «ይጠየቃል»፣ «እንዲወሰድ» እና «ሳይከናወን» በሚሉት ላይ ነው። እዚህ «ተ» ተውጣ ቀጣዩ ድምፅ ይጠብቃል፤ መጥበቁን ደግሞ ፊደላችን አያሳይም። «ይጠይቃል» እና «ይጠየቃል» በጽሑፍ የሚለዩት በ«ይ» እና በ«የ» ብቻ ነው። በአንጻሩ «ተቀበለ» እና «ተናገረ» በ«ተ» ቢጀምሩም አድራጊያቸው በግልጽ የሚታወቅ ግሶች ናቸው። ስለዚህ በፊደል ከመፈለግ ይልቅ እያንዳንዱን ግስ «ማን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ማሻሻያውን ያካሄደው ማን ነው? ቅጂውን ማዘጋጀት የነበረበትስ? እርምጃ የሚወስደውስ? የሚጠይቀውስ? አራቱም መልስ የላቸውም። «በተከሰተው» ግን ይቆይ፤ መቋረጥ የሚከሰት እንጂ ሰው የሚያደርገው ስላልሆነ የተደበቀ ባለቤት የለውም። አቶ ዮናታን ሁሉንም ያስወግዱ ያሉት በዚህ ምክንያት ትክክል አይመስለኝም፤ «ዲስኩ ተበላሽቷል» የሚለውን ወደ አድራጊ ግስ ለመለወጥ ብንታገል ያልተረጋገጠ ጥፋተኛ መፈልሰፍ ይሆንብናል።

የቃል ገደቡም በእንግሊዝኛ የተለመደ ነው። በአማርኛ «ስላልነገሩን» አንድ ቃል ሆኖ ምክንያትን፣ አሉታን፣ አድራጊንና ተቀባይን ይይዛል፤ ስለዚህ 23 ቃል በእኛ ቋንቋ ከባድ ጭነት ነው። ዋናው ግስም የሚመጣው በመጨረሻ ስለሆነ አንባቢው ምን እንደተጠየቀ ሳያውቅ 22 ቃል ተሸክሞ ይጓዛል። እኔ የምቆጥረው ከመጨረሻው ግስ በፊት ስንት ሐሳብ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ከሁለት ካለፈ እቆርጠዋለሁ።

አንድ ግስ የሚበቃበት ቦታ ላይ ስም በስም ላይ መደርደሩን፣ ማለትም የስም ክምሩን፣ ለማግኘት ግን ማሽን ሊያግዝዎት ይችላል፤ የሚከተለው ትእዛዝ ሁለቱንም የ«ሥራ» አጻጻፍ ይይዛል።

```
grep -oE 'የ[መማ][^ ]+ (ሥራ|ስራ|ተግባር|ሂደት|እርምጃ)' mail.txt
```

በእርስዎ ጽሑፍ ላይ «የማዘጋጀት ተግባር» እና «የማስተካከያ እርምጃ» የሚሉትን ያወጣል። ከዚያ ስሙን ትተው ግሱን ብቻ ያስቀሩ፤ «የማዘጋጀት ተግባር ሳይከናወን የቀረ በመሆኑ» የነበረው «ስላልተዘጋጀ» ይሆናል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ትናንት ሰርቨሩን ስናሻሽል ግንኙነቱ ስለተቋረጠ የመጠባበቂያ ቅጂው አልተዘጋጀም። የዳታቤዝ ቡድኑ ቅጂውን ዛሬ በእጅ እንዲያስጀምርና ማለቁን እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን።»

«አልተዘጋጀም» አሁንም ተደራጊ ነው፤ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ቅጂውን በየሌሊቱ የሚያዘጋጀው ራሱን የሚያስጀምር ፕሮግራም እንደሆነ በማሰብ ነው።

ሂሩት፦ በማብራሪያው እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ይጠየቃል» የትሕትና ቋንቋም ነው። ለበላይ አለቃ «እንጠይቃለን» ብሎ መጻፍ ድፍረት የሚመስልበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ።

ታደለ፦ እውነት ነው። ጠያቂውን መደበቅ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሠሪውን መደበቅ ነው። «የዳታቤዝ ቡድኑ ቅጂውን እንዲያስጀምር በአክብሮት ይጠየቃል» ቢባል ሁለቱም ይጠበቃሉ።

ሰላማዊት፦ አመሰግናለሁ። የቀሩትን ኢሜይሎቼን በ«ማን?» ጥያቄ ሳሳልፋቸው በአንዱ ላይ ተቸገርሁ፤ ሥራው የየትኛው ቡድን እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

ሂሩት፦ እንግዲያው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያንኑ ይጠይቅ፦ «ይህን የሚሠራው የትኛው ቡድን እንደሆነ ይንገሩን።»